ነጩ ሸሚዝ ቢጫ ሲሆን በረኪናውን አስቀምጪው

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ባለቤቴ ባንክ ነው የሚሠራው፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ነጭ ሸሚዝ ነው የሚለብሰው። የኮሌታው ውስጥና ብብቱ ሥር ቢጫ ሆኖ አልለቅ አለኝ። በረኪና ውስጥ ዘፍዝፌ አሳደርኩት፤ ጭራሽ ባሰበት። ዓመት እንኳ ያልሞላቸው ሸሚዞች ናቸው። ከምን የመጣ ነው? ይመለሳል ወይስ ልጣላቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ እንዳትጥያቸው። ዓመት ያልሞላው ሸሚዝ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። በረኪና የነካው ግን እንደ ጨርቁ ዓይነት ነው፤ እሱን ወደ ኋላ ለብቻው አነሳዋለሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንወቅ። ኮሌታው ላይ ያለው ቢጫና ብብቱ ሥር ያለው ቢጫ አንድ አይደሉም። ቀለማቸው ስለሚመሳሰል ለሁለቱም አንድ መድኃኒት እንፈልጋለን። ከዚያ አንዱ ይለቃል፣ ሌላው ንቅንቅ አይልም። በልብስ እጥበት ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት ሰው ሲሳሳት የማየው በብዛት እዚህ ላይ ነው።

ከኮሌታው ልጀምር። እዚያ የምታይው ላብ ነው ለማለት ይከብዳል። የሰውነት ላብ ከ100 እጅ 99 ያህሉ ውሃ ነው። የቀረው በአብዛኛው ጨው ነው። ውሃና ጨው ብቻውን ሸሚዝን እንዲህ ቢጫ አያደርግም። አንገት ላይ ግን ቆዳችን የራሱን ቅባት ያወጣል። ከፀጉር የሚወርድ ቅባት አለ። ጠዋት የተቀባነው ሎሽንና ቫዝሊን አለ። ከቆዳ የሚረግፈው ደቃቅ ነገርም አለ። ኮሌታው ቀኑን ሙሉ አንገትን እያሸ ይህን ሁሉ እንደ ሶፍት ይመጠዋል።

ይህ ቅባት ትኩስ እያለ ብዙም ቀለም የለውም። ለዚህ ነው ሰኞ የተለበሰ ሸሚዝ ማታ ሲታይ ንጹሕ የሚመስለው። መጥበሻሽን አስቢው። ዘይቱን ስትጨምሪው ኩልል ያለ ነው። ጠርዙ ላይ ቀርቶ በደንብ ያልታጠበው ዘይት ግን ውሎ አድሮ ቢጫ ይሆናል፤ ከዚያም ቡናማና የሚያጣብቅ ሙጫ ይሆናል። ከአየር ጋር ተዋህዶ ነው እንዲያ የሚሆነው። የአንገት ቅባትም ክሩ ውስጥ ተደብቆ ቀስ እያለ እንደዚያው ይሆናል። ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። ቅባቱ ሳይለቅ ካውያ ያረፈበት ኮሌታ መጥበሻው እሳት ላይ እንደተመለሰ ቁጠሪው።

ታጥቦና ተተኩሶ ቁም ሳጥን ውስጥ የከረመ ሸሚዝ ለበዓል ሲወጣ ኮሌታው ቢጫ ሆኖ የሚገኘውም በዚሁ ምክንያት ነው። ብዙ ሰው "ሳልለብሰው እንዴት ቢጫ ሆነ?" ይለኛል። ሲቀመጥ የነጣ መሰለ እንጂ ቅባቱ ሙሉ በሙሉ አልወጣም ነበር።

ብብት ሌላ ታሪክ ነው። ብብት ውስጥ ሁለት ዓይነት የላብ ዕጢ አለ። አንደኛው ያንን ውሃማ ላብ ያወጣል። ሁለተኛው ወፈር ያለ፣ ፕሮቲንና ስብ ያለበት ፈሳሽ ያወጣል። በዚህ ላይ ዲኦድራንቱ ይጨመራል። ባለቤትሽ የሚጠቀመውን ዲኦድራንት ገልብጪና ከጀርባው የተጻፈውን አንብቢ። አልሙኒየም የሚል ቃል ካለበት ጠረን ብቻ ሳይሆን ላብም የሚያቆም ዓይነት ነው። የአልሙኒየሙ ጨው ከላቡ ጋር ሲገናኝ እንደ ሙክ ያለ ነገር ይሆንና የላቡን ቀዳዳ ይደፍናል። ሥራው ይኸው ነው። ችግሩ ቆዳው ላይ ብቻ አይቀርም። ወደ ሸሚዙም ይሻገራል፤ ከላቡ ፕሮቲንና ከስቡ ጋር ተጣብቆ ክሩ ላይ ይደርቃል።

አሁን የዚህ ነገር ክፉ ጠባይ ልንገርሽ። አልሙኒየሙ አሲድ ውስጥ ይሟሟል። አሲድ በሌለበት፣ ይልቁንም ሳሙና ባለበት ውሃ ውስጥ፣ ይረጋል። የልብስ ዱቄት ሳሙና ደግሞ የአሲድ ተቃራኒ ነው። ስለዚህ ብብቱን በኦሞ ባሸሽው ቁጥር ያንን ሙክ ከማስለቀቅ ይልቅ እንዲረጋ ታደርጊዋለሽ። ክር የሚያቀልሙ ሰዎች ቀለሙ እንዳይለቅ ክሩን አስቀድመው በአልሙኒየም ጨው ይነክሩታል። አልሙኒየም በክርና በቀለም መካከል እንደ ማያያዣ ነው። ብብት ሥርም ሳናውቀው ያንኑ እያደረግን ነው። በየሳምንቱ የሚታጠብ ሸሚዝ በየሳምንቱ ቢጫው የሚደምቀው፣ ብብቱም እንደ ካርቶን ድርቅ የሚለው ለዚህ ነው።

ልዩነቱን በእጅሽ ማወቅ ትችያለሽ። ሸሚዙን ደረቅ እንዳለ ገልብጪውና የብብቱን ጨርቅ በሁለት ጣት ቆንጥጪው። ከጎኑ ካለው ጨርቅ ይልቅ ወፍራምና ግትር ከሆነ፣ ሰም የጠጣ ከመሰለ፣ አልሙኒየም አለበት። ቢጫ ሆኖ ለስላሳ ከሆነ ግን እንደ ኮሌታው የቅባት ነገር ያመዝናል።

በረኪናው ለምን እንዳባሰበት ልንገርሽ። በረኪና ውስጥ ያለው ክሎሪን ከላብና ከቆዳ ፕሮቲን ጋር ሲገናኝ ራሱ ቢጫ የሆነ ነገር ይፈጥራል። ቅባቱንም ሆነ አልሙኒየሙን አያሟሟም። በዚያ ላይ "አይጨማደድም" ተብለው የሚሸጡ ሸሚዞች ጨርቁ እንዳይኮማተር የሚያደርግ ሙጫ መሰል ነገር ይቀባሉ። አንዳንዱ ሙጫ ክሎሪኑን ይዞ ይቀመጥና ካውያ ሲያርፍበት ቢጫ ይሆናል። የሚለጠጥ ክር፣ ላይክራ የሚባለው፣ በክሎሪን ቢጫ ይሆናል፤ ይበጣጠሳልም። ኮሌታው ውስጥ ያለው ጠንካራ ጨርቅ የተጣበቀበት ሙጫም ሊቀየር ይችላል። አንቺ ደግሞ አሳድረሽዋል። በረኪና ጥጥን ስለሚበላ ለሌሊት አይተውም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ቅደም ተከተሉን አታዛንፊው። መጀመሪያ የያዘውን ነገር እናስለቅቃለን። የቀረውን ቀለም ቀጥሎ እናነጣለን። ብዙ ሰው ከማንጣቱ ይጀምርና ተስፋ ይቆርጣል፤ ነጭ የሚያደርገው ነገር በቅባትና በአልሙኒየም ንጣፍ ውስጥ ማለፍ ስለማይችል ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ እባክሽ በጥሞና አንብቢው። ሸሚዞቹ በረኪና ነክቷቸዋል። አቼቶ ወይም ሎሚ በረኪና ሲያገኝ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሳንባን ይጎዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ሸሚዞቹን በብዙ ውሃ 4 ጊዜ አለቅልቂያቸው። ከዚያ በ5 ሊትር ውሃ ውስጥ 1 ብርጭቆ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጨምረሽ ለግማሽ ሰዓት ንከሪያቸው። ፐርኦክሳይዱ የቀረውን ክሎሪን ያጠፋዋል። እንደገና አለቅልቂ። አፍንጫሽን አስጠግተሽ አሽቺው። የበረኪና ሽታ ትንሽ እንኳ ካለ አቼቶ አታስጠጊ።

ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ መድኃኒት ቤት ለቁስል ማጠቢያ የሚሸጠው፣ ቁስል ላይ ሲያርፍ አረፋ የሚያወጣው ነው። 3% የሚለውን ግዢ። ለፀጉር ቀለም የሚሸጠው ይበረታል፤ 20 ቮልዩም የሚባለው 6% ነው። በእኩል ውሃ ሲቀጠን 3% ይሆናል። ከዚያ የበለጠ የሚበረታውን ቤት ውስጥ አትነካኪው። ጓንት አድርጊ።

ሸሚዙ ከደረቀ በኋላ ኮሌታውን ደረቅ እንዳለ ያዢው። ይህን የምለው ምክንያት አለኝ። ጨርቁ ውሃ ከጠጣ ሳሙናው ቅባቱ ጋ ሳይደርስ ይቀጥናል። የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ምንም ሳትቀላቅዪበት በቢጫው መስመር ላይ አፍስሺ። የዕቃ ሳሙና የተሠራው ለቅባት ነው፤ ለኮሌታ ከልብስ ሳሙና ይሻላል። ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይዘሽ በክሩ አቅጣጫ ቀስ ብለሽ አሺው። ኮሌታን ከኮሌታ ጋር አጋጭተሽ አትፈትጊ። ብዙ ኮሌታ በቆሻሻ ሳይሆን በመፈተግ ነው የሚያልቀው። ለ30 ደቂቃ ተዪው፤ ከዚያ ሞቅ ባለ ውሃ አለቅልቂ።

ሞቅ ያለ ስል 40 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቴርሞሜትር አያስፈልግሽም። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። 1 ጆግ የፈላ ውሃ ከ2 ጆግ የቧንቧ ውሃ ጋር ስትቀላቅዪ 40 ዲግሪ አካባቢ ይመጣልሻል። እኩል በእኩል ካደረግሽው ወደ 55 ይጠጋል። ይህን ልኬት ያዢው፤ በኋላ ያስፈልገናል። ዝቅተኛ ቦታ ለሚኖሩ፣ ለምሳሌ አዳማ ወይም ድሬዳዋ፣ ውሃው የሚፈላውም ቧንቧው የሚያወርደውም ሞቅ ያለ ስለሆነ ቀዝቃዛውን ትንሽ መጨመር ነው።

ብብቱን በአሲድ እንጀምረው። ነጩን አቼቶና ውሃን እኩል ቀላቅዪ። ሸሚዙን ገልብጪ፤ ዲኦድራንቱ የተጠራቀመው በውስጥ በኩል ነው። የብብቱን ጨርቅ ብቻ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አስገብተሽ ለ1 ሰዓት ንከሪው። ብብቱ በጣም ከገተረ የሎሚ አሲድ ዱቄት ይበልጣል። 2 የሾርባ ማንኪያ በ1 ሊትር ሙቅ ውሃ አሟሚና ተጠቀሚ። ሎሚውን ራሱን መጭመቅም ይቻላል፤ ግን በደንብ አጥልይው፣ ሲያልቅም በደንብ አለቅልቂው። የሎሚ ስኳርና ጭማቂ ጨርቁ ላይ ከቀረ በፀሐይና በካውያ ሌላ ቢጫ ያመጣል።

ከ1 ሰዓት በኋላ አውጥተሽ በብሩሽ አሺው። ውሃው የደፈረሰና የሚያንሸራትት ነገር ያወጣል። ጨርቁን ቆንጥጪው። ግትርነቱ ከቀነሰ ሠርቷል። ቀለሙ እንዳለ ቢሆን አትደንግጪ። አሲዱ ማያያዣውን ነው የሚፈታው፤ ቀለሙን ለማንጣት ሌላ ነገር ያስፈልጋል። ግትርነቱ ካልቀነሰ ግን ወደሚቀጥለው አትሂጂ፤ አሲዱን ለ1 ሰዓት ድገሚው። ከዚያ በብዙ ውሃ አለቅልቂ።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። አቼቶና ቤኪንግ ሶዳ አንድ ላይ ደባልቆ የሚፍለቀለቀውን ጨርቅ ላይ ማፍሰስ ነው። አረፋው ያስደስታል። ግን አሲዱና ሶዳው እርስ በርስ ተበላልተው ያልቃሉ፤ የሚቀርሽ ጨዋማ ውሃ ነው። አቼቶ የራሱ ጊዜ አለው፣ ሶዳውም የራሱ።

የሶዳው ጊዜ አሁን ነው። 2 የሾርባ ማንኪያ 3% ፐርኦክሳይድ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የዕቃ ሳሙና፣ ከዚያ እንደ ወፍራም ሊጥ እስኪሆን ቤኪንግ ሶዳ ጨምሪ። ቤኪንግ ፓውደር አይደለም። ፓውደሩ ውስጥ አሲድና ስታርች ስላለ አይሠራልሽም። ሶዳው ሁለት ሥራ ይሠራል። ፐርኦክሳይዱ በፍጥነት ኦክሲጅኑን እንዲለቅ ያነሳሳዋል፤ ሲታሽም ቀስ ብሎ ይፍቃል። ሊጡን በብብቱና በኮሌታው ላይ ቀብተሽ ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ተዪው። እንዳይደርቅ በላስቲክ ሸፍኚው፤ ከደረቀ መሥራት ያቆማል። በአንድ ጊዜ የምትጠቀሚበትን ያህል ብቻ አዘጋጂ። የተረፈውን ጠርሙስ ውስጥ ዘግተሽ አታስቀምጪ። ጋዝ ስለሚያወጣ ጠርሙሱ ሊፈነዳ ይችላል።

ሶዲየም ፐርካርቦኔት የሚባል ነጭ ዱቄት ካገኘሽ ደግሞ ነገሩ ይቀላል። ከሱፐርማርኬት "ኦክሲጅን ያለው" ተብለው ከሚሸጡ ነጭ ማድረጊያዎች ብዙዎቹ ውስጥ ያለው እሱ ነው። አሜሪካና ዐረብ አገር ያሉ እህቶቻችን በቀላሉ ያገኙታል። ውሃ ውስጥ ሲገባ ፐርኦክሳይድና የማጠቢያ ሶዳ ሆኖ ይከፈላል። ሁለቱን በአንድ ላይ አገኘሽ ማለት ነው። 3 የሾርባ ማንኪያ ለ4 ሊትር በቂ ነው። ውሃው ግን ያ እኩል በእኩል የቀላቀልሽው 55 ዲግሪ መሆን አለበት። በቀዝቃዛ ውሃ ብዙም አይነሳሳም። ለ4 እስከ 6 ሰዓት ያህል ዘፍዝፊው። ከዚያ በላይ ኃይሉ ስለሚያልቅ ማሳደሩ አይጠቅምም። የማይጠቅምሽ ሐርና ሱፍ ላይ ነው፤ ሁለቱን ያበላሻቸዋል። የውስጥ ምልክቱን አይተሽ ጥጥ ወይም ፖሊስተር ወይም የሁለቱ ድብልቅ መሆኑን አረጋግጪ።

ከዚያ እንደ ወትሮው እጠቢና አስጪ። እርጥብ እያለ "ለቀቀ" ብለሽ አትፍረጂ። እርጥብ ጨርቅ ቢጫን ይደብቃል። ጥላ ላይ አድርቂና መስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን ተመልከቺው። ቢጫው ካለ እንደገና። እስኪለቅ ድረስ ካውያ እንዳታስነኪው። የጥጥ ካውያ እስከ 200 ዲግሪ ይደርሳል፤ ያልለቀቀውን ቅባት ያጋግረዋል። ማድረቂያ ማሽንም እንዲሁ ነው። ቢጫው ከለቀቀ በኋላ ግን ፀሐይ ወዳጅሽ ነው። ነጩን እርጥብ እንዳለ ፀሐይ ላይ ብታሰጪው የቀረውን ፈዘዝ ያለ ቢጫ ያነጣዋል።

አንድ ሸሚዝ ልንገርሽና ነገሩ ይታይሽ። አንድ ሆቴል ውስጥ የሚያስተናግድ ወጣት 65% ፖሊስተር፣ 35% ጥጥ የሆነ ሸሚዝ አመጣልኝ። ሮል ኦን ዲኦድራንት ወፍራም አድርጎ ቀብቶ ወዲያው ይለብሳል። በዓመት ውስጥ ብብቱ ተገትሮ ዳር ዳሩ ቡናማ ሆኗል። በረኪና አላስነካውም። ኮሌታውን በዕቃ ሳሙና አሸሁት፤ በ30 ደቂቃ ለቀቀ። ብብቱን በሎሚ አሲድ 1 ሰዓት ነከርኩት። ግትርነቱ ሄደ፤ ቢጫው ግን ያው ነው። ወጣቱ አይቶ ፊቱ ወደቀ። ሊጡን ቀባሁ፤ በ45 ደቂቃ ግማሹ ሄደ። በፐርካርቦኔት 5 ሰዓት ዘፈዘፍኩትና ጥላ ላይ አደረቅሁት። ግራው ብብት ነጣ። ቀኙ ላይ የእንቁላል ልጣጭ ያህል ቀለል ያለ ቢጫ ቀረ። ቀኝ እጁን ይበልጥ ስለሚጠቀም እዚያ የሚበዛ ይመስለኛል። ሁሉንም ሳይሆን አሲዱንና ሊጡን ለቀኙ ብቻ ደገምኩት። በሁለተኛው ቀን ተመሳሰሉ።

ኮሌታው ላይ ግን የታጠፈበት መስመር አሁንም ጠቆር ብሎ ይታያል። ልጁ "አለቀቀም" አለ። መስኮት ላይ ወስጄ አሳየሁት። ቀለም አልነበረም። ክሩ ተበልቶ ውስጡ ያለው ጨርቅ እየታየ ነበር። እጥበት እሱን አይመልስም። እንዲህ ያለውን ሸሚዝ ልብስ ሰፊ ኮሌታውን ፈቶና ገልብጦ ቢሰፋው ይሻላል። ድሮ ልብስ ሰፊዎቻችን ይህን በደንብ ይሠሩት ነበር፤ ዛሬም የሚሠራ አይጠፋም።

ወደ አንቺ ሸሚዞች ልመለስ። በረኪናው ያመጣውን ቢጫ ከላቡ ቢጫ ለይተሽ ማወቅ አለብሽ። የላቡ ቦታ አለው፤ ኮሌታና ብብት ላይ ይወሰናል። የበረኪናው ቢጫ ይሰፋል። ኮሌታው ሙሉ፣ የእጅጌው ጫፍ፣ የቁልፉ መደዳ ላይ ይታያል፤ ውስጡ ጠንካራ ጨርቅ ያለባቸው ቦታዎች ናቸውና። ጥጥ ከሆነ በፐርኦክሳይዱ ብዙው ሊመለስ ይችላል። ላይክራ ያለበት ከሆነ፣ ወይም ውስጡ ያለው ሙጫ ከሆነ የተቀየረው፣ አይመለስም። በእሱ ላይ ድካምሽን አታባክኚ። የጨርቁንም ጥንካሬ ፈትሺ። ብብቱን በሁለት እጅሽ ይዘሽ ቀስ ብለሽ ሳቢው። ከተሰነጠቀ በረኪናው ክሩን በልቶታል።

እንዳይመለስ የሚያደርጉትን ባጭሩ ልንገርሽ። ባለቤትሽ ዲኦድራንቱን ሳስ አድርጎ ይቀባ፤ ሸሚዙን ከመልበሱ በፊት 5 ደቂቃ ይድረቅለት። አልሙኒየም የሌለበትን ዓይነት መሞከርም ይችላል፤ ጠረን ይከላከላል እንጂ ላብ አያቆምም፤ እሱን ይወቅ። ውስጥ ካናቴራ መልበስ በጣም ይረዳል፤ ቢጫው ሸሚዙ ላይ ሳይሆን ካናቴራው ላይ ይቀራል። የለበሰውን ሸሚዝ እስከ ቅዳሜ ቅርጫት ውስጥ አታቆዪው። ማታውኑ ኮሌታውንና ብብቱን ብቻ በውሃ አለቅልቀሽ ብትሰቅይው የሚጠራቀመው ይቀንሳል። በወር አንዴ ከመታጠቡ በፊት ብብቱን በዚያ አቼቶ ለግማሽ ሰዓት ንከሪው። አልሙኒየሙ ሳይከማች ይወጣል።

ሁሉንም ሸሚዝ በአንድ ቀን አትጀምሪ። ከሁሉ የባሰውን አንዱን ውሰጂ፤ የቀኝ ብብቱን ብቻ ሥሪና ግራውን ተዪው። ደርቆ መስኮት ላይ ስታስተያዪያቸው ሌሎቹ ስንት ዙር እንደሚፈልጉ ታውቂያለሽ።